ሕመሙ ሲጠፋ የዳንኩ መስሎኝ ነበር፦ የመንጋጋዬ የሥር ሕክምና

ይህን የምጽፈው ጥርሱን አሞት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ላደረ ሰው ነው። በተለይ «ሩት ካናል» የሚባለውን የጥርስ ሥር ሕክምና ስም ሰምቶ ለፈራ። እኔም ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴ ሁለት ወር አዘገየኝ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ጥርሴ ውስጥ ምን ሲደረግ እንደነበር የገባኝ ግን ኋላ ነው።

የምኖረው ቡሬ ነው። አስተማሪ ነኝ። የታመመው የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ነበር፤ ከፊት መሐል ላይ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ስድስተኛው። ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ ስለሚበቅል ከቋሚ መንጋጋዎች ሁሉ ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። ቀድሞም ይበላሻል። የእኔም ከላዩ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረችው። ዓመታት አብራኝ ስለኖረች ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም።

መስከረም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይነዝረኝ ጀመር። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነዝሮኝ ይተወኛል። ያን ጊዜ ብሄድ ኖሮ ምናልባት በቀላል ሙሌት ይድን ነበር። ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ውሃውን ከዋጥኩ በኋላም ሕመሙ አይለቅም፤ ደቂቃዎች ይቆያል። ቀጥሎ ደግሞ ምንም ሳይነካው በራሱ መጠዝጠዝ ጀመረ። በተለይ ማታ። ትራሴ ላይ ጋደም ስል ይብስብኛል፤ ተነሥቼ ስቀመጥ ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቡና አፌን ሲነካው ያስጮኸኝ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ ግን በተቃራኒው ያስታግሰኛል። ሌሊት አንድ ጣሳ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ እየተጉመጠመጥኩ ዘጠኝ ሌሊት አደርኩ።

ሐኪሙ በኋላ እንዲህ አስረዳኝ። በጥርስ ውስጥ ጠባብ ክፍል አለ። በውስጡ ነርቭና ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሉበት ለስላሳ ሥጋ ይኖራል። የጥርሱ መቦርቦር እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፤ ማበጥ ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ያበጠ ሥጋ ቆዳውን ወጥሮ ቦታ ያገኛል። የጥርስ ግድግዳ ግን ድንጋይ ነው፣ አይለጠጥም። ስለዚህ ግፊቱ ሁሉ ነርቩ ላይ ያርፋል። ጋደም ስንል ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚበረታ ግፊቱም ይጨምራል። የሌሊቱ ስቃይ ምክንያት ይህ ነው። ብርዱ ነዝሮ ወዲያው ከተወን ሥጋው ገና ሊያገግም ይችላል። ሕመሙ ከቆየ፣ ትኩስ ነገር ካባሰው፣ በራሱ ተነሥቶ እንቅልፍ ከነሳን ግን ሥጋው ወደ መሞት ነው።

እናቴ «አንች ልጅ፣ ትል ገብቶበት ነው» አለችኝ። ቅርንፉድ አስነከሰችኝ። እውነቱን ለመናገር ቅርንፉዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ረድቶኛል፤ ዘይቱ የማደንዘዝ ኃይል አለው። ቀጥሎ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ድዴ ላይ አሰርን። እሱ ግን ጉድ ሠራኝ። ድዴ ተቃጥሎ ነጭ ቁስል ወጣበት፤ ከጥርሱ ሌላ ሁለተኛ ሕመም ጨመርኩ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ጥርሱን ማንም አልመረመረልኝም። አሞክሳሲሊን ለአምስት ቀን ተጻፈልኝና ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ቡናዬን ጠጣሁ፤ ምንም የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ሞከርኩ፤ ምንም። ተመስገን አልኩ። መድኃኒቱ አዳነኝ ብዬ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ።

የዳነ ነገር ግን አልነበረም። ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም። መድኃኒቱም ቢሆን እዚያ የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። የዋጥነውን ክኒን ወደ ጥርሱ ውስጥ የሚያደርሰው ደም ነው፤ ሥጋው ሲሞት ደግሞ የደም ሥሮቹም አብረው ይዘጋሉ። ተሕዋስያኑ ማንም በማይነካቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይራባሉ፤ ቀስ ብለውም በሥሩ ጫፍ ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳሉ። በኃይል ሲያማችሁ የነበረ ጥርስ ሳይታከም ድንገት ዝም ካለ እባካችሁ እንደ እኔ ደስ አይበላችሁ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሰላም ነበርኩ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንጀራ ሳላምጥ ያ ጥርስ ከሌሎቹ የረዘመ መሰለኝ። አፌን ስገጥም ቀድሞ የሚነካ እሱ ነው፤ ሲነካም ያማል። ከሁለት ቀን በኋላ ከጥርሱ በታች ድዴ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ወጣች። ስጫናት መራራ፣ መጥፎ ጣዕም ያለው መግል አፌ ውስጥ ፈሰሰ። ጉንጬም ትንሽ አበጠ።

ቤተሰብ ሁሉ «አስነቅይውና ተገላገይ» አለኝ። እኔም ለመነቀል ቆርጬ ነበር። የመለሰችኝ ባሕር ዳር የምትኖረው እህቴ ናት። «መጀመሪያ ራጅ ተነሺ፣ ከዚያ ወስኚ» አለችኝ። በነጋታው ሌሊት ተነሥቼ ሚኒባስ ያዝኩ። እንጅባራ ስንደርስ የማለዳው ውርጭ ያበጠውን ጉንጬን ሲመታው በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ዳንግላንና መርዓዊን አልፌ ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ገባሁ።

ሐኪሙ ከመሰርሰሩ በፊት ብዙ ጠየቀኝ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ የምወስደው መድኃኒት፣ የሚያሳክከኝ ወይም የማይስማማኝ መድኃኒት። ከዚያ በረዶ የሆነ ጥጥ ጥርሶቼን አስነካ። ጎረቤቱ ጥርስ ነዘረኝ። የታመመው ግን ምንም አልተሰማውም። በመስታወቱ እጀታ ከላይ ቀስ ብሎ ሲያንኳኳው ደግሞ ዘለልኩ። ራጁን አሳየኝ፦ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ምስር የምታህል ጥቁር ጥላ አለች። «ይህ አጥንት የነበረ ቦታ ነው፤ ቁስለቱ አሟምቶታል። ውስጡን ካጸዳነው አጥንቱ ተመልሶ ይሞላል» አለኝ።

ብነቅለውስ? ብዬ ጠየቅኩት። መንቀልም ሕክምና ነው አለኝ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ቢሆን፣ ወይም ሙሌት የሚይዝ ግድግዳ ባይቀረው እሱ ራሱ ንቀይው ይለኝ እንደነበር ነገረኝ። የእኔ ግን ግድግዳው ደህና ነው። ቢነቀል የኋላው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያጋድላል፣ የላይኛውም ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ተስማማን።

አሁን ሁላችሁም ወደምትፈሩት ልግባ። መጀመሪያ ድዱ ላይ የሚያደነዝዝ ቅባት ቀባኝ። ቀጥሎ ማደንዘዣውን ከመንጋጋዬ ጀርባ፣ ነርቩ ከሚያልፍበት ወጋኝ። መርፌው ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ የሚሰማው ግፊት ነው። ትንሽ ቆይቶ ልቤ ድው ድው አለ። ልሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ። «አይዞሽ እህቴ፣ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ነው፤ አሁን ይተውሻል» አለኝ። እውነትም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተወኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። የቀኝ ከንፈሬና አገጬ ወፈረብኝ። የታችኛው መንጋጋችሁ ሆኖ ከንፈራችሁ ሳይደነዝዝ ሥራ ሊጀመር ከሆነ ተናገሩ፤ ማደንዘዣው ገና አልያዘም ማለት ነው።

ከዚያ ቀጭን የጎማ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ጥርሴን ብቻ በቀዳዳው አውጥቶ በብረት ቆንጣጭ አሰረው። ራበር ዳም ይሉታል። መጀመሪያ ያፈነኝ መስሎኝ ነበር፤ በአፍንጫዬ መተንፈስ ስጀምር ለመድኩት። እንዲያውም ወደድኩት። ውሃውም፣ ስባሪውም፣ መድኃኒቱም ጉሮሮዬ አይገባም። ምራቄም ወደ ጥርሱ አይገባም። «ግራ እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ» አለኝ። ይህ አንድ ቃል ከማደንዘዣው እኩል አረጋጋኝ።

ከጥርሱ አናት ሰርስሮ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ድምፁና ንዝረቱ ይሰማል፤ ሕመም የለም። ክፍሉ ሲከፈት መጥፎ ሽታ ወጣ። አፈርኩ። እሱ ግን የሞተ ሥጋ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሸት ነግሮኝ ሥራውን ቀጠለ። ከክፍሉ ወለል ወደ ሥሮቹ የሚወርዱ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ሩት ካናል የሚባሉት እነሱ ናቸው። የታችኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦይ አለው፣ አንዳንዱ አራት። የእኔ ሦስት ነበር። አራተኛ እንደሌለ ለማረጋገጥ ረጅም ጊዜ ሲፈልግ ቆየ፤ አንድ ቦይ ሳይጸዳ ከቀረ ሕመሙ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱን ቦዮች ሲያጸዳ ምንም አልተሰማኝም። ሦስተኛው ላይ ግን ማጽጃው ቀጭን ሽቦ፣ ፋይሉ፣ ገባ ሲል እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ነዘረኝ። እጄን አነሳሁ። ወዲያው አወጣው። ለካ በዚያ ቦይ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያልሞተ ነርቭ ቀርቶ ነበር። መንጋጋ ብዙ ሥር ስላለው አንዱ ሞቶ ሌላው በሕይወት ሊቆይ ይችላል። «አሁን እዚያው ውስጥ እወጋዋለሁ። ለሁለት ሴኮንድ በጣም ያማል፤ ከዚያ ያበቃል» አለኝ። እንዳለው ነው። ለሁለት ሴኮንድ ያህል እግሬ ተወጠረ። ከዚያ በኋላ ምንም። በጠቅላላው ሕክምና በእውነት አመመኝ የምለው ይቺን ብቻ ነው። ሳይነግረኝ ቢያደርገው ኖሮ ግን ሁለተኛ አልመለስም ነበር።

ፋይሎቹ መርፌ የመሰሉ ሻካራ ሽቦዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጫፍ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ቀስ በቀስ በወፈሩ ይተካሉ። የቦዩን ርዝመት ለማወቅ ከንፈሬ ላይ አንድ ሽቦ አንጠለጠለ፣ ሌላውን ከፋይሉ ጋር አገናኘ። ፋይሉ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲጠጋ መሣሪያው ጢጥ ጢጥ ይላል። የአንደኛው ቦይ ርዝመት 20.5 ሚሊ ሜትር ወጣ። ይህ ልኬት ቀላል ነገር አይደለም። ፋይሉ ቀድሞ ከቆመ ቆሻሻ ይቀራል፤ ካለፈ ደግሞ አጥንቱን ወግቶ ሕመም ያመጣል።

በየመሐሉ ቦዮቹን በፈሳሽ ያጥባል። ሽታው የበረኪና ነው፤ በውስጡ ያለውም ያው የበረኪና ንጥረ ነገር ነው። ሥጋን ያሟሟል፣ ተሕዋስያንን ይገድላል። አፋችሁ ውስጥ የበረኪና ጣዕም ከመጣ፣ ወይም ሲያጥብ ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከተሰማችሁ በዚያው ቅጽበት እጃችሁን አንሡ። ቤት ውስጥ በበረኪና መጉመጥመጥ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

በመጨረሻ ከኖራ ወገን የሆነ ነጭ ቅባት ቦዮቹ ውስጥ ሞልቶ ከላይ በጊዜያዊ ሙሌት ዘጋው። ሁለት ሳምንት ቀጠረኝ። ነርቩ ሙሉ በሙሉ ላልሞተ ሰው በአንድ ቀን የሚያልቅበት ጊዜ አለ። እኔ መግል ስለነበረኝ መድኃኒቱ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል አለ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ተኝቼ ነበር። ስነሣ ከጥርሴ ይልቅ የደከመኝ አገጬ ነው።

ከንፈሬ ሦስት ሰዓት ያህል ደንዝዞ ቆየ። እስኪለቀኝ ምንም አላላመጥኩም፤ በደነዘዘ አፍ ጉንጭን ነክሶ ማቁሰል ቀላል ነው። ለቅቆኝ ሲሄድ መጠዝጠዝ ጀመረ። እንደ ጥቅምቱ ሌሊት ግን አይደለም። የተመታ ቦታ የሚያምመውን ዓይነት ነው። ኢቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም ጥሩ ነው ቢባልም ጨጓራ ስላለብኝ ሐኪሙ ፓራሲታሞል ብቻ አዘዘልኝ፤ 1000 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ዋዜማ ነበር። እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ መዋል ስላልቻልኩ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ሕመምተኛ ነሽ፣ በልተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ» አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ባሰ። ይህን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ሕክምናው ተበላሸ ብዬ እጨነቅ ነበር። ጥርሱ አሁንም የረዘመ መሰለኝ፤ ምላሴ እንኳ ሲነካው ይቆጣል። ነርቩ ከወጣ ለምን ያማል? የሚያመው ጥርሱ አይደለም። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር ያያዘው ሥጋና በሥሩ ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ነው። እነሱ ነርቭ አላቸው፤ በጽዳቱም ተነካክተዋል። በሦስተኛው ቀን ማታ ቀለለኝ። በአምስተኛው ቀን ክኒን ረሳሁ። ያቺ የድዴ ብጉር በሳምንት ውስጥ ከሰመች። በግራዬ ብቻ ሽሮ ፍትፍትና ገንፎ እየበላሁ ቆየሁ፤ ቆሎ የሚባል ነገር አልነካሁም።

መቼ ነው መደንገጥ ያለበት? ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ጊዜያዊው ሙሌት ከወደቀ ደውሉ፤ ቀጠሮ አትጠብቁ። እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ ያኔም ከጽዳቱ ጋር እንጂ በጽዳቱ ምትክ አይደለም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ቅባቱን አጥቦ አወጣ፣ ቦዮቹን አደረቀ፣ ጉታ ፐርቻ በሚባል ከዛፍ ወተት በሚገኝ ጎማ መሳይ ነገር ከማጣበቂያ ጋር ሞላቸው። ራጅ አነሳኝ። ሦስት ነጭ መስመሮች እስከ ሥሩ ጫፍ ድረስ ወርደው አየሁ። ከላይ በቋሚ ሙሌት ዘጋው። ማታ ትንሽ አመመኝ፤ በሁለተኛው ቀን ተወኝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ደምበጫ ያለው አጎቴ እንዲህ አድርጎ ነበር። ሥሩን አሳክሞ፣ ሕመሙ ስለጠፋ ክራውን የሚባለውን የጥርስ መሸፈኛ ተወው። በዓመቱ የሽምብራ ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ስለወረደ ከመንቀል ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሥሩ የታከመ መንጋጋ በመበላሸትና በመሰርሰር ውስጡ ተቦርቡሯል። የቀረው ግድግዳ የማላመጥን ኃይል ብቻውን አይችልም። ክራውኑ እንደ ቆብ ከላይ ተደፍቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ሩት ካናሉን ብቻ አትጠይቁ። ራጁ፣ ቋሚው ሙሌትና ክራውኑ ተካቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ገንዘቡንም በዚያ ልክ አዘጋጁ። እኔ ክራውኑን ጥር ላይ አስገባሁ። ጥርሱን ዙሪያውን ሞርዶ ልኬት ወሰደ፤ በሁለት ሳምንቱ ገጠመልኝ። ስነክስ ከፍ ያለብኝ ሲመስለኝ ነገርኩት፤ ትንሽ ሞርዶ አስተካከለው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ለቁጥጥር ተመለስኩ። ሐኪሙ የኅዳሩንና የሰኔውን ራጅ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ምስር የምታህለው ጥላ አነስ ብላ፣ ጠርዟም ደብዝዛ አየኋት። «አጥንትሽ እየሞላ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» አለኝና ለታኅሣሥ ቀጠረኝ። እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። አቦሉን በቀኝ በኩሌ ጠጣሁት።